ልጁ ወደ መሃል ሲገባ መሽከርከሪያው ለምን ይፈጥናል? ጥያቄና መልስ

ተማሪ፦ ቲቸር፣ ልጁ ወደ መሃል ሲገባ አንጉላር ሞመንተሙ፣ ማለትም ኢነርሺያ ሲባዛ በዙሩ ፍጥነት፣ ካልተለወጠ ካይነቲክ ኢነርጂውም ያው መሆን የለበትም?

መልስ፦ የለበትም። በቁጥር እንየው። ልጆች ላዩ ቆመው የሚዞሩበት የመሽከርከሪያው ክብ ወለል 100 ኪሎ ነው፣ ሬዲየሱ 2 ሜትር። ልጁ 30 ኪሎ፣ ጠርዝ ላይ ቆሟል። የዙሩ ፍጥነት በሰከንድ 1 ሬዲያን ይሁን፤ አንድ ዙር ስድስት ሰከንድ ከምናምን ይፈጃል። ኢነርሺያ ማለት ዙሩን ለመለወጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው፤ የወለሉ 200፣ የልጁ 120፣ ድምር 320። ልጁ መሃል ለመድረስ ግማሽ ሜትር ሲቀረው የእሱ ድርሻ 7.5 ብቻ ይሆናል። ድምሩ 207.5። ኢነርሺያ ሲባዛ በፍጥነት አይለወጥምና 320ን ለ207.5 ስታካፍል ፍጥነቱ 1.54 ይወጣል። አንድ ዙር አሁን አራት ሰከንድ ነው። ኢነርጂው ግን ከ160 ወደ 247 ጁል አደገ።

ሌላ ጠያቂ፦ 87 ጁል ከየት መጣ? ከውጭ ማንም አልገፋውም እኮ!

መልስ፦ ከልጁ እግር። ጠርዝ ላይ ዝም ብሎ ለመቆም እንኳ ወለሉ በ60 ኒውተን ወደ ውስጥ ሊይዘው ይገባል። ወደ መሃል መራመድ ለእሱ ዳገት መውጣት ነው፤ በአምስት ሜትር አንድ ሜትር ከፍ የሚል ዳገት። ኃይሉ መንገድ ላይ ትንሽ ጨምሮ ወደ 64 ይደርሳል፣ መጨረሻ ላይ ወደ 36 ይወርዳል። አማካዩ 58 ገደማ ነው። በ1.5 ሜትር አባዛው፤ 87።

አንድ ተሳታፊ፦ በረዶ ላይ እጇን ሰብስባ እንደምትሽከረከረዋ ነው። ልጁም እየፈጠነ ይሄዳል።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ዙሩ ይፈጥናል፣ ልጁ ራሱ ግን ይዘገያል! በሰከንድ 2 ሜትር ይሄድ የነበረው ወደ 0.77 ይወርዳል። የራሱ 60 ጁል 9 ብቻ ይቀራል። ወለሉ ከ100 ወደ 238 ይወጣል። ጫማው ወለሉን ወደ ፊት፣ ወደ ዙሩ አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ልጁም ወደ ጎን የሚወስደው ነገር ያለ ይመስለዋል። ወለሉ እርጥብ ሆኖ ጫማው ካንሸራተተ ወደ ውስጥ መግባቱም ይቀራል።

አንዲት እናት፦ እኛ ግቢ ያለው ላይ ልጄ መሃል ስትገባ ምንም አይፈጥንም።

መልስ፦ ባዶውን አሽከርክሪውና ዙሩን ቁጠሪ። ሁለት ሦስት ዞሮ ከቆመ ኩሽኔታው ደርቋል። ደህና ከዞረ ደግሞ ብረቱ ከብዷት ይሆናል። ያው ስፋት ያለው ወለል 300 ኪሎ፣ እሷ 15 ኪሎ ከሆኑ ፍጥነቱ ከመቶ 9 ያህል ብቻ ነው የሚጨምረው። በዓይን አይለይም።

ጠያቂ፦ ልጁ ቢወርድስ ይፈጥናል?

መልስ፦ ሳይገፋ እጁን ለቅቆ ከወረደ አይፈጥንም። የራሱን የአንጉላር ሞመንተም ድርሻ ይዞ ነው የሚሄደው።

ተማሪ፦ ተመልሶ ወደ ጠርዝ ቢወጣስ? 87ቱ ይመለስለታል?

መልስ፦ ዙሩ ወደ 1 ይመለሳል። አሁን ግን ቁልቁለት እየወረደ ነው፤ ጡንቻው ፍሬን ይይዛል፣ ኢነርጂውም አብዛኛው ሙቀት ይሆናል። ጅማቱ ጥቂት ሊያስቀር ይችላል። ምን ያህል? እሱን የሰውነት ነገር የሚያውቅ ሰው ይመልስልን።