ቅባት የያዘው ሲንክ የሚጸዳው ከስሩ ተከፍቶ ነው

«የኩሽናዬ ሲንክ ውሃ ቶሎ አይወርድለትም። ድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው የባሰው። የፈላ ውሃ ስደፋበት ለጊዜው ይሻለዋል፣ በሳምንቱ ያው ነው። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ስላሉ ኬሚካል መጠቀም አልፈልግም። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ቀስ በቀስ ከመጣ ቅባት መሆኑ አይቀርም። ማንኪያ ወይም ጨርቅ ቢገባበት ኖሮ ድንገት ነበር የሚዘጋው።

ቂቤ 35 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል። የሚረጋው የፓልም ዘይትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የፈላ ውሃ ስትደፊ ቅባቱ ቀልጦ ትንሽ ወደፊት ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ቱቦ ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ ሲደርስ መልሶ ይረጋል። እጅሽ ከሚደርስበት ቦታ እጅሽ ወደማይደርስበት እየገፋሽው ነው ማለት ነው። ደግሞም የፕላስቲክ ቱቦ የፈላ ውሃ አይወድም። ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደጋገምበት ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያውም ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ስለዚህ ቅባቱን ማውጣት ነው የሚሻለው። ብዙውን ጊዜ የሚጠራቀመው ከሲንኩ ስር ባለው ሲፎን ውስጥ ነው። የእኛ ሰፈር ኮንዶሚኒየሞች ላይ በብዛት የማየው ከታች እንደ ኩባያ ያለ ነገር የተገጠመለት ዓይነት ነው። ያ ኩባያ በእጅ ይፈታል።

መጀመሪያ በሲንኩ ውስጥ የቆመውን ውሃ በጣሳ ቅጂና አውጪ። ከሲፎኑ ስር ባልዲ አስቀምጪ፣ ጓንት አድርጊ፣ ኩባያውን ከስር ሆነሽ ስታዪው ወደ ግራ አዙሪው። ካልላላ በጨርቅ ይዘሽ ሞክሪ። በፒንሳ ከጨመቅሽው ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ሲከፈት ሽታው አያድርስ ነው፣ መስኮት ክፈቺ። ውስጡ ያለውን ነጭና ግራጫ ጭቃ በአሮጌ ማንኪያ ፍቀሽ ጋዜጣ ላይ አድርጊና ቆሻሻ ውስጥ ጣይው። እቃውን በዚያው ሲንክ እንዳታጥቢው፣ ከታች ክፍት ነው! ሌላ ባልዲ ውስጥ በሙቅ ውሃና በላርጎ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጊው። ጎማዋን እንዳትጥያት። ስትመልሻት ከተጣመመች ያንጠባጥባል።

ጎረቤቴ ቤት ከፋሲካ በኋላ ይኸው ችግር ገጥሟቸው ነበር። የዶሮ ወጥ ድስት በተከታታይ ታጥቦበት ነው። ኩባያው ውስጥ ቅባቱ ከቡና አተላ ጋር ተጋግሮ ጠጣር ሆኖ ነበር የተገኘው። ኩባያው ቢጸዳም ውሃው አሁንም ይንቀራፈፋል። ከሲፎኑ ወደ ግድግዳ የሚሄደውን የሚተጣጠፍ ቱቦ ስንፈታው በእያንዳንዱ እጥፋት ቅባት ተለጥፏል። ያንን ማጽዳት ልፋት ነው። ውስጡ ለስላሳ በሆነ ቀጥ ያለ ቱቦ ቀየሩት፣ ችግሩም አለቀ። አንቺም ቤት የሚተጣጠፈው ከሆነ መቀየሩን አስቢበት።

ገጥመሽ ስትጨርሺ የቀረውን ስስ ቅባት ለማጠብ 3 ሊትር የፈላ ውሃ ላይ 2 ሊትር ቀዝቃዛ ጨምሪ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። መጀመሪያ ሩብ ኩባያ ላርጎ ሲንኩ ቀዳዳ ውስጥ አፍስሺና ጥቂት ቆይተሽ ውሃውን በአንድ ጊዜ ልቀቂው። ቅባትን ከውሃ ጋር የሚያስኬደው ሳሙናው ነው። ባልዲውን ግን ገና አታንሺው፣ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት ነካክተሽ እርጥበት እንደሌለ አረጋግጪ።

ቤኪንግ ሶዳና ኮምጣጤ የሚሉሽ ይኖራሉ። አረፋው ደስ ይላል፣ ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተፋጅተው ያልቃሉ፣ የሚቀረው ጨዋማ ውሃ ነው። የረጋ ቅባት ላይ ይህ ነው የሚባል ሥራ አይሠራም። በረኪና የተደፋበት ሲንክ ላይ ደግሞ ኮምጣጤ ጭራሽ እንዳታደርጊ፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከዚህ በፊት ማንም ሰው የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል ጨምሮበት ከሆነም ሲፎኑን አትክፈቺ። ውሃው ፊትሽ ላይ ሊረጭ ይችላል፣ ለቧንቧ ሠራተኛው ንገሪውና እሱ ይክፈተው።

ከዚህ በኋላ ድስትና መጥበሻ ከመታጠቡ በፊት ቅባቱን በሶፍት ወይም በቁራሽ እንጀራ ጥረጊው። የቡና አተላም ወደ ቆሻሻ ይሂድ።

ሲፎኑ ጸድቶ፣ ቱቦውም ንጹህ ሆኖ ውሃው አሁንም ከዘገየ መዘጋቱ ግድግዳው ውስጥ ነው። እዚያ የሚገባ የተጠቀለለ ረጅም ሽቦ ያለው ባለሙያ ጥሪ። የላይኛው ፎቅ ሰዎች ውሃ ሲለቁ በአንቺ ሲንክ የሚንቦቀቦቅ ወይም የሚገነፍል ከሆነ ግን የተዘጋው የጋራው መስመር ነው። ያኔ ቤትሽ ውስጥ ምንም ብትፈቺ አይጠቅምም፣ ለሕንፃው ኮሚቴ ተናገሪ።