ጥያቄና መልስ፦ አማርኛው ይቅደም ወይስ እንግሊዝኛው?

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ነገር ላይ ያጠነጥናሉ። አንዱን ፖስት በሁለት ቋንቋ ስንጽፍ ማን ይቅደም ነው ነገሩ።

አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ቀጥሎ ያንኑ በእንግሊዝኛ እያደረግኩ ብጽፍስ?

አይሆንም። ሁለቱም አንባቢ ግማሹን እየዘለለ እንዲያነብ ታስገድደዋለህ። አንዱን ጨርስና ሌላውን ጀምር።

ቨርጂኒያ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ሰው ሲሞት ማስታወቂያውን በሁለቱም ቋንቋ አወጣለሁ። ወጣቶቹ እንግሊዝኛው ይቅደም ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ይቆጣሉ። ምን ላድርግ?

ወጣትና ሽማግሌ የሚለውን ይተዉት። ራስዎን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ይህን አንብቦ ከቤቱ ተነስቶ የሚሄደው ማን ነው? የሱ ቋንቋ ይቅደም። ለቅሶ የሚደርሱት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ ድንኳንና ወንበር የሚያመጡት እናቶችና አባቶች ናቸው። ስለዚህ የለቅሶ ማስታወቂያ ላይ አማርኛው ይቀድማል። ነገር ግን ስልክ ላይ መጀመሪያ የሚታዩት ጥቂት መስመሮች ናቸው፣ የቀረው ይታጠፋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው አማርኛ ፊደል አይቶ እንዳያልፍ፣ ከሁሉም በላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ይጻፉ። የማን ሐዘን እንደሆነና እንግሊዝኛው ከታች እንዳለ ብቻ ይናገር።

ትልቁ ስሕተት እንግሊዝኛውን የአማርኛው ትርጉም ማድረግ ነው። ሁለቱ አንባቢዎች የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ነገር አይደለም።

እንበል አቶ ከበደ ወልዴ አረፉ። ልጃቸው ዳዊት ከበደ ነው። አማርኛው የት ተወልደው እንዳደጉ፣ የማን ወንድም፣ የማን አማች እንደሆኑ ይናገራል። ሰው በዚያ ነው የሚያውቃቸው። የዳዊት የሥራ ባልደረባ ግን «ወልዴ» የሚል ስም ሰምቶ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ዳዊት ከበደን ነው፤ ከበደ የሚለውም የቤተሰቡ መጠሪያ ይመስለዋል። ስለዚህ እንግሊዝኛው ገና ሲጀምር «የዳዊት ከበደ አባት» ይበል። ሚስታቸውም በሌላ ስም እንደምትጠራ አይርሱ፤ ማን እንደሆነች በግልጽ ይጻፉ።

የስሙን እንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ ከመታወቂያው ላይ ይቅዱ። በጆሮ የሰሙትን አይጻፉ። ከሥራ ፈቃድ የሚጠይቅ ዘመድ ያንን ማስታወቂያ ለአለቃው ሊያሳይ ይችላል፣ አንድ ፊደል ሲለያይ ጣጣ ነው።

«ለቅሶ»ን በቃሉ ከተረጎሙት ማልቀስ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ለእንግዳው የሚያስፈልገው ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ነው። ሐዘንተኞቹ ቤት እንግዳ እየተቀበሉ ነው፣ ቀድሞ መደወል አያስፈልግም፣ መጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ በቂ ነው፣ የቤተክርስቲያኑ ጸሎት ረጅም ነው፣ በግዕዝና በአማርኛ ነው ይበሉት። አማርኛው ላይ ይህን ማንም አይጽፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። በተረፈ እንግሊዝኛው ከአማርኛው ቢያጥር ማንም አይቀየምም።

በሁለቱም ላይ አንድ መሆን ያለባቸው አራት ነገሮች አሉ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ አድራሻና ገንዘብ። ከመለጠፍዎ በፊት እነዚህን ጎን ለጎን አድርገው ጮክ ብለው ያንብቡ። ሌላ ሰው ቢያነብልዎ ደግሞ ይሻላል።

አሁን ነገሩ የሚገለበጥበትን ልንገርዎ። ለእኚሁ ሰው አስከሬናቸውን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ የሚከፈልበት ገጽ እንግሊዝኛ ከሆነና ከሚያዋጡት ብዙዎቹ የልጆቹ ባልደረቦችና ጎረቤቶች ከሆኑ፣ እንግሊዝኛው ይቅደም። ሟቹ ያው ናቸው፣ እድሩም ያው ነው። የሚነሳው ሰው ግን ተለወጠ። ለሽማግሌዎቹም እንዲህ ብለው ያስረዷቸው፤ ቁጣው የሚመጣው አማርኛ የተናቀ ሲመስላቸው ነው።

ቀብሩ ቅዳሜ 10 ሰዓት ነው ብለን በሁለቱም ቋንቋ ጻፍን። አንድ እናት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መጡ። ጥፋቱ የማን ነው?

የጻፈው ሰው ነው፣ እሳቸው ምንም አላጠፉም። በአማርኛ «10 ሰዓት» ማለት ከሰዓት በኋላ፣ ፈረንጅ አራት ሰዓት የሚለው ነው። እሳቸው የተነበበላቸውን አምነው መጡ። እናንተ ደግሞ እዚህ ብዙ ዓመት ስትኖሩ በፈረንጅ ሰዓት ማሰብ ለምዳችሁ፣ ቁጥሩን እንዳለ ወደ አማርኛው ገለበጣችሁት። ከአሥርና ከአራት የባሰ ጥንድ የለም፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሆነና ሁለቱም የሚያስኬድ ሰዓት ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም።

አማርኛው ላይ ሁልጊዜ እንዲህ ጻፉ፦ «ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት፣ በፈረንጅ 10፡00 ኤኤም»። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ የሚለው ቃል አይቅር። እሱ ሲቀር ነው ሰው የሚጠፋው። ቁጥሩን ለማግኘት ስድስት መቀነስ ወይም መደመር ነው።

ቀኑም ላይ ተጠንቀቁ። የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ስታስታውቁ መስከረም 1ን በልማድ ሴፕቴምበር 11 አትበሉ። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ 12 ይሆናል። 2016 ዓ.ም. የገባው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፣ 2020ም እንደዚሁ ነው የሚገባው።

ለእድር አባላት በስልክ አጭር መልእክት እንልካለን። እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ «ነፍስ ይማር» ብለን ስንጨምር ሂሳቡ ለምን ይወደዳል?

አጭር መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ሲሆን እስከ 160 ፊደል እንደ አንድ ይቆጠራል። አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ግን መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል፣ ከዚያ ያለፈው ተቆራርጦ እየተቆጠረ ይከፈልበታል። ስለዚህ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ለየብቻ ላኩ። አማርኛ ለሚያነቡት አማርኛውን፣ ለሌሎቹ እንግሊዝኛውን። «ነፍስ ይማር»ን ግን ከአማርኛው ላይ ለገንዘብ ብላችሁ እንዳትቆርጡ።

ዱባይ ነው ያለሁት። ለቤት ሠራተኛ እህቶቻችን መረጃ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ ልጨምርበት?

አንቺ እንዳልሽው አንባቢዎችሽ እነሱ ከሆኑ አማርኛው ይበቃል። እንግሊዝኛ የሚያስፈልግሽ ለታክሲ ሹፌር ወይም ለዘብ በስልክ ሊያሳዩት በሚችሉት ነገር ላይ ነው፤ አድራሻና ስልክ ቁጥር። እነዚያን በአረብኛም ብትጨምሪ የበለጠ ይጠቅማል። እነሱን ለብቻ አስቀምጪያቸው፣ ከጽሑፉ መሐል አትቅበሪያቸው።

አዲስ የኢሚግሬሽን ዜና ሲወጣ ወደ አማርኛ ተርጉሜ እለጥፋለሁ። ሰው ያመሰግነኛል። እንግሊዝኛውን ከሥር ባደርገው ይበቃል?

አይበቃም፣ እለምንሃለሁ፣ እንዲህ አታድርግ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ይቅደም፣ ያውም ያንተ ሳይሆን መንግሥት ያወጣው ጽሑፍ ራሱ። አማርኛው ምን እንደወጣና ማንን እንደሚመለከት በሁለት ሦስት መስመር ይናገር። ሕጉን አይተርጉም።

ለምን? «ፓሮል» የሚለውን ቃል እየው። መዝገበ ቃላት ብታይ «አመክሮ» ይልሃል። አመክሮ እስረኛ ቅጣቱን ሳይጨርስ የሚለቀቅበት ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ቪዛ የሌለው ሰው ለጊዜው እንዲገባ ወይም እንዲቆይ የሚሰጥ ፈቃድ ነው፣ ከወንጀል ቅጣት ጋር አይገናኝም። «አመክሮ» ብለህ የጻፍከውን አንዲት ሴት አንብባ፣ ወንጀለኛ ያስመስለኛል ብላ ማመልከቻውን ብትተወው ማን ይመልስላታል? ቃሉን «ፓሮል» ብለህ ተወውና ትርጉሙን በአማርኛ አስረዳ። መጨረሻ ላይ «ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ» የሚለውን ለአፍ ያህል አትጻፈው። መጀመሪያ አካባቢ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ብቻውን በቆመ መስመር ይቀመጥ። የምታውቀው በነጻ የሚያማክር ድርጅት ካለ ስልኩን አብረህ ስጥ።

ርእሱስ? በሁለቱም ቋንቋ ይሁን?

አዎ፣ አጭር ከሆነ።