ካንሰር መከፋፈሉን ለምን አያቆምም? ስለ ቴሎሜር ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከጎጃም የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ጤነኛ ህዋስ የተወሰነ ጊዜ ተከፋፍሎ ያቆማል፤ የካንሰር ህዋስ ግን አያቆምም። ስለዚህ የሚዛመዱትን መርጬ አንድ ላይ መልሻለሁ። ዓ.ም. ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።

«አስተማሪያችን ዲኤንኤ በተገለበጠ ቁጥር ጫፉ ይጎድላል አለን። መሀሉ በትክክል እየተገለበጠ ጫፉ ብቻ ለምን ይጎድላል?» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ፍኖተ ሰላም)

ምክንያቱ ያለው የገልባጩ ኢንዛይም አሠራር ላይ ነው። ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ከባዶ መጀመር አይችልም። መጀመሪያ ሌላ ኢንዛይም አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ መነሻ አድርጎ ያስቀምጥለታል፤ እሱ ከዚያ ይቀጥላል። በዚያ ላይ የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ የዲኤንኤ ክሮች አንደኛው ሳይቋረጥ ይገለበጣል፤ ሌላው ግን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ነው የሚገለበጠው። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ የአርኤንኤ መነሻ አለው። በኋላ መነሻዎቹ ይነሱና የተከፈተውን ቦታ ከኋላ ያለው ቁራጭ እየረዘመ ይሞላዋል። ጫፉ ላይ ሲደረስ ግን ከኋላ የሚመጣ ቁራጭ የለም። መነሻው ሲነሳ ቦታው ባዶ ይቀራል።

ተፈጥሮ ለዚህ ያዘጋጀችው መላ ቴሎሜር ነው። በሰው ክሮሞዞም ጫፍ ላይ TTAGGG የሚሉ ስድስት ፊደላት በሺዎች ጊዜ ይደጋገማሉ። ፕሮቲን የሚሠራ መልእክት የለባቸውም፤ ትንሽ ቢጎድሉ ጂን አይጎዳም። ሌላም ሥራ አላቸው። ጋቢ ከሽመና ሲወጣ ጫፉ ይቋጫል፤ ካልተቋጨ ይተረተራል። ቴሎሜርም በልዩ ፕሮቲኖች ተጠቅልሎ የክሮሞዞሙን ጫፍ እንዲሁ ይይዘዋል። ባይኖር ህዋሱ ጫፉን «የተበጠሰ ዲኤንኤ» ብሎ ያየውና ሊጠግነው ይነሳል።

«ታዲያ የምናረጀው ቴሎሜራችን ስላለቀ ነው ማለት ነው?» (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ በከፊል ብቻ ነው። መጀመሪያ የምናውቀውን ልንገርዎት።

ድሮ ህዋስ ከሰውነት ወጥቶ ቢመገብ ለዘላለም ይከፋፈላል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን እምነት ያስፋፋው አሌክሲስ ካሬል ነው። ከ1912 ጀምሮ የጫጩት ልብ ህዋሳት በላቦራቶሪው ለዓመታት ሲከፋፈሉ ኖሩ ተባለ። በ1961 ግን ሌናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ በፊላደልፊያ የተለየ ነገር አሳዩ። የሰው ህዋስ 50 ጊዜ ያህል እጥፍ ከሆነ በኋላ መከፋፈል ያቆማል። አይሞትም፤ እየበላ ይቀመጣል፤ መከፋፈሉን ግን ይተዋል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ያደረጉት አንድ ሙከራ ነው። ብዙ ጊዜ የተከፋፈሉ የወንድ ህዋሳትን ገና ጥቂት ጊዜ ከተከፋፈሉ የሴት ህዋሳት ጋር በአንድ ዕቃ ቀላቀሉ። ምግቡ አንድ፣ ሙቀቱ አንድ። ከቆይታ በኋላ ክሮሞዞማቸውን በማይክሮስኮፕ ሲያዩ የቀሩት የሴቶቹ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ የምግቡ ቢሆን ሁለቱም ባቆሙ ነበር። ቁጥሩ የተያዘው እዚያው ህዋሱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ህዋሳቱን አቀዝቅዘው አቆይተው ሲመልሷቸውም ካቆሙበት ቁጥር ነው የቀጠሉት።

ቁጥሩን የሚይዘው ቴሎሜሩ መሆኑ በ1998 በደንብ ተረጋገጠ። ቴሎሜርን መልሶ የሚያስረዝመውን፣ ቴሎሜሬዝ የሚባለውን ኢንዛይም የሚያስገኘውን ጂን ጤነኛ ህዋስ ውስጥ ሲያስገቡ ህዋሱ ድንበሩን አልፎ መከፋፈሉን ቀጠለ።

ግን ይህ የህዋስ እርጅና እንጂ የሰው እርጅና ሙሉ ታሪክ አይደለም። የላቦራቶሪ አይጥ ቴሎሜር ከእኛ በጣም ይረዝማል፤ ዕድሜዋ ግን ከሁለት ሦስት ዓመት ብዙም አይዘልም። የአንጎልና የልብ ህዋሳት ደግሞ ከልጅነት በኋላ እምብዛም አይከፋፈሉም፤ ያም ሆኖ ያረጃሉ። ስለዚህ «ቴሎሜርህ ይህን ያህል ስለሆነ ይህን ያህል ትኖራለህ» የሚል ሰው ቢመጣ አይመኑት።

«50 ጊዜ እጥፍ ማለት እኮ 2 ሲባዛ በራሱ 50 ጊዜ ነው። ይህ ከሰውነታችን ህዋስ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ድንበር ካንሰርን እንዴት ያስቆማል?» (የሒሳብ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ)

ግሩም ጥያቄ ነው። ስሌትህም ትክክል ነው፤ ውጤቱ ከሺህ ትሪሊዮን ይበልጣል፤ የሰው ገላ ግን 30 ትሪሊዮን ገደማ ህዋስ ነው ያለው። አንድ ሳንቲ ሜትር የሚያህል ዕጢ አንድ ቢሊዮን ያህል ህዋስ ይዟል ይባላል። አንድም ህዋስ ሳይሞት ቢራባ 30 እጥፍ ይበቃዋል።

ነገሩ ያለው «አንድም ሳይሞት» የምትለዋ ላይ ነው። በእውነተኛ ዕጢ ውስጥ ከሚወለዱት ህዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ። ደም አይደርሳቸውም፣ ክሮሞዞማቸው ይበላሻል፣ በሽታ ተከላካይ ህዋሳት ይገድሏቸዋል። አንድ ህዋስ አሥር ጊዜ ተከፋፍሎ ቁጥሩ ብዙም ላይጨምር ይችላል፤ ቴሎሜሩ ግን አሥሩንም ከፍሏል። ደግሞ ካንሰር በአንድ ለውጥ አይመጣም። አንድ ህዋስ ይለወጣል፣ ይራባል፤ ከልጆቹ አንዱ ሌላ ለውጥ ያገኛል፣ እሱም ከአንድ ተነስቶ እንደገና ይራባል። እያንዳንዱ ዙር ከዚያው ከተወሰነው ቁጥር ይቀነሳል።

በግርድፉ እናስላው። ቴሎሜሩ በ10,000 ፊደላት ቢጀምርና በእያንዳንዱ ክፍፍል 100 ቢያጣ፣ 5,000 አካባቢ ሲደርስ ህዋሱ ቢያቆም 50 ክፍፍል ነው። እንዳልኩህ ግምት ነው፤ ከህዋስ ህዋስ ይለያያል። የአዋቂ ሰው ህዋስ ደግሞ ከዚህ ውስጥ ገሚሱን ቀድሞ ጨርሶት ይሆናል።

«እናቴን የማህፀን በር ካንሰር ነው ያሳጣን። ሐኪሙ በቫይረስ የመጣ ነው አለን። ቫይረስ እንዴት ካንሰር ይሆናል? እኔስ ምን ላድርግ?» (አንዲት እህት፣ ሞጣ)

እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። እናትሽ ምንም አላጠፉም። ቫይረሱ ኤችፒቪ ይባላል፤ በጣም የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ሳያውቁት ይላቀቁታል። በአንዳንዶች ግን ይቆያል። ከአደገኞቹ ዓይነቶች ዋነኞቹ 16 እና 18 የሚባሉት ናቸው።

ቫይረሱ የሚራባው ህዋሱ ሲከፋፈል ነው፤ ስለዚህ ህዋሱን «አቁም» የሚሉትን ሁለት ፕሮቲኖች ያጠቃል። ኢ6 የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን ፒ53ን እየያዘ ያስፈጨዋል። ኢ7 ደግሞ አርቢ የሚባለውን ያስረዋል። ቴሎሜር ሲያጥር ህዋሱን የሚያስቆሙት እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ህዋሱ ማቆም ያለበት ቦታ ደርሶ ሳያቆም ያልፋል።

ያም ሆኖ ገና ካንሰር አይደለም። ቴሎሜሩ ማጠሩን ይቀጥላል። በመጨረሻ የክሮሞዞሙ ጫፍ እርቃኑን ይቀርና የጥገና ኢንዛይሞች ሁለት ክሮሞዞሞችን ጫፍ ለጫፍ ያጋጥማሉ። ህዋሱ ሲከፋፈል የተጋጠሙት ወደ ሁለት አቅጣጫ ይጎተቱና ይበጠሳሉ። የተበጠሰው ደግሞ ከሌላ ይጋጠማል። እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም ህዋሳት ይሞታሉ። ከእልፍ አንዱ ግን ቴሎሜሬዝን ይቀሰቅሳል። ኢ6 ራሱም የዚህን ኢንዛይም ጂን በማነቃቃት ያግዘዋል።

ቴሎሜሬዝ ራሱ የያዘውን የአርኤንኤ ቁራጭ እያየ በክሮሞዞሙ ጫፍ ላይ ስድስት ስድስት ፊደል ይጨምራል። ካሮል ግሬይደርና ኤልሳቤጥ ብላክበርን ኢንዛይሙን ያገኙት በ1984 በፈረንጆች ገና ዕለት ነው፤ ከኩሬ ውኃ በሚገኝ ባለ አንድ ህዋስ ፍጡር ላይ። ከጃክ ሾስታክ ጋር በ2009 ኖቤል ተሸልመዋል። ይህ ኢንዛይም ዘር በሚያፈሩ ህዋሳትና ሌሎች ህዋሳትን በሚተኩት በግንድ ህዋሳት ውስጥ ይሠራል፤ በአብዛኛው የሰውነታችን ህዋስ ግን ተዘግቷል። ካንሰሩ የተዘጋውን ነው የሚከፍተው። በዚያ ጊዜ ክሮሞዞሞቹ ቀድመው ተሰባብረዋል፤ ህዋሱ ግን ከእንግዲህ ቴሎሜር አያልቅበትም።

በ1951 ሄንሪታ ላክስ የምትባል የ31 ዓመት እናት ባልቲሞር ውስጥ በዚሁ በሽታ አረፈች። ከዕጢዋ የተወሰዱት ህዋሳት በዓለም ላቦራቶሪዎች ዛሬም ይከፋፈላሉ። ኤችፒቪ 18 አለባቸው። ክሮሞዞማቸው 46 ሳይሆን 80 ገደማ ነው። በሰው ህዋስ ውስጥ ቴሎሜሬዝ መጀመሪያ የተገኘውም በእነዚሁ ህዋሳት ነው፣ በ1989። ሳታውቅና ሳትፈቅድ መወሰዱ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። ለአንቺ ዋናው ነገር ይህ ጊዜ ነው። ዕድሜሽ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ጠይቂ። በብዙ ቦታ በቀጠነ የኮምጣጤ አሲድ ይቀባል፤ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካንሰር ከመሆኑ በፊት እዚያው ይታከማል። ከዚያ ዕድሜ በታች ከሆንሽም ያልተለመደ ደም ወይም ፈሳሽ ካየሽ አትጠብቂ። ሴት ልጅ ወይም ታናሽ እህት ካለችሽ የኤችፒቪ ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል፤ አሁን ስንት ዓመት ላይ እንደሚሰጥ ጤና ጣቢያው ይነግርሻል።

«ፌስቡክ ላይ ቴሎሜር የሚያስረዝም፣ ወጣት የሚያደርግ እንክብል እየተሸጠ ነው። ልግዛ?» (ነጋዴ፣ ቡሬ)

አይግዙ። ዕድሜ የሚያስረዝም መሆኑ በሰው ላይ የተረጋገጠ የቴሎሜር እንክብል የለም። በዘር ረዘም ያለ ቴሎሜር ያላቸው ሰዎች ለአንዳንድ ካንሰሮች የበለጠ ተጋላጭ መሆናቸውም በጥናት ታይቷል። የቴሎሜር መቆጣጠሪያው እንዲላላ መመኘት ለጤና መመኘት አይደለም።

«ካንሰር በቴሎሜሬዝ የሚኖር ከሆነ ኢንዛይሙን የሚዘጋ መድኃኒት ሠርተው ለምን አይጨርሱትም?» (የጤና መኮንን፣ ደጀን)

ተሞክሯል፣ እየተሞከረም ነው። ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑ ካንሰሮች ቴሎሜሬዝ ስላላቸው ሐሳቡ ተገቢ ነው። ሦስት ነገር ግን ያስቸግራል።

ዋናው ጊዜ ነው። ኢንዛይሙን ዛሬ ብትዘጋው ዕጢው ነገ አይቆምም። ቴሎሜሩ ከክፍፍል ወደ ክፍፍል ነው የሚያጥረው፤ እስኪያልቅ ዕጢው ማደጉን ይቀጥላል። የሚረዳን የካንሰር ቴሎሜር ብዙ ጊዜ ከጤነኛው ያጠረ መሆኑ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ሳይሆን ስለሚሞላ ነው የሚኖረው። ቢሆንም መጠበቁ ለታማሚው ከባድ ነው።

ሁለተኛው ደም ነው። መቅኔ ውስጥ ያሉት የደም ግንድ ህዋሳትም በዚሁ ኢንዛይም ይጠቀማሉ። ሦስተኛ፣ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑ ካንሰሮች ቴሎሜሬዝ ሳያስፈልጋቸው አንዱን ቴሎሜር ከሌላው እየገለበጡ ያስረዝማሉ። መድኃኒቱ እነዚህን አይነካቸውም።

በመንገዱ ሩቅ የሄደው ኢሜቴልስታት ነው። የቴሎሜሬዝን አርኤንኤ ላይ ተለጥፎ ሥራውን ያስቆማል። አሜሪካ በሰኔ 2024 የፈቀደችው መቅኔያቸው ታሞ ደም እየተሰጣቸው ለሚኖሩ፣ ዝቅተኛ ስጋት ያለው ማይሎዲስፕላስቲክ ሲንድሮም ላለባቸው አንዳንድ ታማሚዎች ነው። የሚጠበቀው ጉዳቱም እዚያው ደም ላይ ይታያል፤ ፕላትሌትና ነጭ የደም ህዋስ ይወርዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው እየተቆጠረ ነው የሚቀጥለው።