ከጠርሙሱ የወጣው ከተሸጠው ሲበልጥ

ጥያቄ፦ «አነስተኛ ባር አለኝ። ባለፈው ሳምንት ባለ 1 ሊትር ቮድካ 12 ጠርሙስ አልቆ የተመዘገበው ሽያጭ 343 ሲንግል ብቻ ነው፤ መለኪያችን 30 ሚሊ ሊትር ነው። ባለ 30 ሊትር 10 የድራፍት በርሜልም 790 ጃምቦ ብቻ ሆነ፤ አንዱ ጃምቦ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ነው። ባርማኖቹን ልጠርጥር?»

መልስ፦ ማንንም ከመጠርጠርዎ በፊት ያለቀውን መጠን ለተሸጠው ቁጥር ያካፍሉ። 12,000 ሚሊ ሊትር ለ343 ሲካፈል 35 ገደማ ይመጣል፤ ይኸውም በእያንዳንዱ ሲንግል ላይ 5 ሚሊ ሊትር ምርቃት ተጨምሯል ማለት ነው። በመለኪያ ሳይሆን በእጅ ግምት የሚቀዳ ባር ውስጥ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ለጅኑም ለውስኪውም ለየብቻ ይሥሩት፤ ሁሉም 35 አካባቢ ከሆኑ ጥፋቱ የአቀዳድ ነው። አንዱ መጠጥ ብቻ 45 ቢያሳይ ግን ሳይመዘገብ የተሸጠ ወይም በነፃ የተሰጠ እንዳለ ይመርምሩ። ባርማን የራሱን ጠርሙስ አስገብቶ ቢሸጥ ግን ቆጠራው ምንም ጉድለት ስለማያሳይ፣ ከስቶር በሚወጣው ጠርሙስ ሁሉ ላይ ምልክት ማድረግና ባዶው ሲመለስ ብቻ ሙሉውን መስጠት ያስፈልጋል።

ድራፍቱ ሌላ ታሪክ ነው። ማካፈሉ ለአንድ ጃምቦ 380 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፤ ያለ አረፋ እስከ አፉ ካልተሞላ በስተቀር ደንበኛው ይህን ያህል አይደርሰውም። እኔ እዚህ ላይ አስቀድሜ የማየው ከቧንቧው ሥር ያለውን የፍሳሽ ሳህን ነው፤ የጎደለው 39 ሊትር ከፊሉ አረፋ ሆኖ እዚያ ፈስሶ ሊሆን ይችላል። አንድ ምሽት የሚደፋውን ሁሉ በባልዲ አጠራቅመው አረፋው ሲከስም ይለኩት። ብዙ ከሆነ፣ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ቢራ ከ4 ዲግሪ በላይ መሞቁን፣ የጋዙን ግፊትና መስመሩ በየሁለት ሳምንቱ መታጠቡን ይመልከቱ። ትንሽ ከሆነ ግን «አልቋል» የተባለውን በርሜል ይመዝኑ፤ የ1 ሊትር ቢራ ክብደት 1 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ በእርግጥ ባዶ ከሆነው በርሜል የበለጠበት ኪሎ ሳይቀዳ የተመለሰውን ሊትር ይነግርዎታል።

የስቶርዎን የክምችት ልክ የሚወስኑት ከዚህ በኋላ ይሁን፤ አሁን ቢወስኑት ምርቃቱን ጭምር እያዘዙ ይቀጥላሉ። 343 ሲንግል በትክክል ቢቀዳ 10.3 ሊትር፣ ማለትም 11 ጠርሙስ ይበቃዋል። አቅራቢዎ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣ ከሆነ፣ ሞቅ ላለ ሳምንት 3 ጨምረው ልኩን 14 ያድርጉት፤ በማዘዣው ቀን 5 ሙሉ ጠርሙስ ካለ የሚያዙት 9 ነው።