ዳሽቦርዱና የፋይናንስ ሪፖርቱ ለምን አይገጥሙም?

«ዳሽቦርዴ የጥቅምት 2017 ሽያጭ 2,300,000 ብር ይላል፣ ፋይናንስ 1,900,000። ለሥራ አስኪያጄ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ቃሊቲ ያለው መጋዘናችንም ይኸው ገጥሞት ያውቃል። እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ልዩነቱ የመጣው ከሁለት ነገር ነው። ዳሽቦርዱ 15 በመቶ ቫት ይደምራል። ፋይናንስ ግን ቫቱ የመንግሥት ስለሆነ ከሽያጭ አይቆጥረውም። 2,300,000ን ለ1.15 ሳካፍለው 2,000,000 ሆነ። የቀረው 100,000 የቀን ጉዳይ ነው። ዳሽቦርዱ ከኦክቶበር 1 እስከ 31 ያለውን ይደምራል፤ የእኛ ጥቅምት ግን ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ነው። ቀኑን ሳስተካክለው 1,900,000 መጣ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ግን ሳትሞክረው እንዳትልክ! ቀኑን ቀይረህ ካልገጠመ የተመለሰ ዕቃ ፈልግ። ደግሞ ከጠቅላላው ላይ 15 በመቶ እንዳትቀንስ፤ 1,955,000 ይመጣና ጉድ ይሠራሃል።