ጠባብ የዋጋ ልዩነት ያለው አክሲዮን ሁሉ በቀላሉ ይሸጣል?

ጥያቄ፦ «ልገዛው ያሰብኩት አክሲዮን የመግዣና የመሸጫ ዋጋው ልዩነት በጣም ጠባብ ነው፤ የ20 ቀን አማካይ ግብይቱም በቀን 20,000 አክሲዮን ነው። 2,000 አክሲዮን ብገዛ፣ በኋላ ዋጋውን ሳላወርድ መሸጥ እችላለሁ?»

በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ተማምኖ «አዎ» ማለት አይቻልም። የዋጋ ልዩነቱ የሚያሳየው አሁን፣ በዚህች ቅጽበት፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አክሲዮኖች በስንት እንደሚሸጡ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት በስንት እንደሚሸጡ አይናገርም። የአነስተኛ ኩባንያዎችን አክሲዮን ለዓመታት ስገዛና ስሸጥ ደጋግሜ ያየሁት፣ ዋናው ጉዳይ ከተሻለው የገዢ ዋጋ በታች ተራ የያዙት ትዕዛዞች ብዛት መሆኑን ነው።

ለምሳሌ የተሻለው የገዢ ዋጋ 49.95፣ የተሻለው የሻጭ ዋጋ 50.05 ነው እንበል። ልዩነቱ 0.10፣ ማለትም ከመካከለኛው ዋጋ 0.2 በመቶ ስለሆነ በእርግጥም ጠባብ ነው። ነገር ግን በ49.95 የሚፈለገው 300 አክሲዮን ብቻ ቢሆን፣ ቀጥሎ በ49.80 500፣ ከዚያም በ49.40 1,200 ቢጠየቅ፣ 2,000ውን በአንድ ጊዜ በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ሰው በአማካይ የሚያገኘው 49.58 ገደማ ነው። ከመካከለኛው ዋጋ ማለትም ከ50 ሲሰላ ጉድለቱ 0.83 በመቶ ይደርሳል፤ ልዩነቱን ብቻ ያየ ሰው ግን የጠበቀው 0.1 በመቶ ነበር።

አማካይ ግብይቱም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከ20ዎቹ ቀናት በአንዱ ሁለት ትልልቅ ባለሀብቶች ተስማምተው 305,000 አክሲዮን ተለዋውጠው፣ በቀሩት 19 ቀናት ግን በየቀኑ 5,000 ብቻ ተገበያይቶ ከሆነ፣ አማካዩ ያው 20,000 ይመጣል። ስለዚህ እኔ አማካዩን ትቼ፣ ቀናቱን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሬ መሐል ላይ ያለውን ቁጥር እወስዳለሁ። በዚህ ስሌት የእርስዎ 2,000 የቀኑን ግብይት 10 በመቶ ሳይሆን 40 በመቶ ይሆናል፤ ይህን ያህል ሽያጭ ደግሞ ገዢዎች ሳያስተውሉት አያልፍም። በተቃራኒው፣ ክፉ ዜና በተሰማበት ቀን ግብይቱ እጅግ ሊበዛ ይችላል፤ ነገር ግን ገዢዎች ስለሚያመነቱ ልዩነቱ አብሮ ይሰፋልና ያን ቀን መለኪያ ማድረግ አይገባም።

ከመግዛትዎ በፊት የገዢዎችና የሻጮች ትዕዛዝ ከነዋጋውና ከነብዛቱ የሚታይበትን የትዕዛዝ መዝገብ ገበያው ከተከፈተ ጥቂት ቆይቶና ከቀትር በኋላ፣ በተለያዩ ቀናት ይመልከቱ። በተለይም አንድ ሰው የተሻለውን የገዢ ትዕዛዝ ሸጦ ሲጨርሰው፣ በዚያው ዋጋ አዲስ ገዢ በምን ያህል ጊዜ እንደሚተካ ይከታተሉ። በደቂቃዎች ውስጥ የሚተካ ከሆነ፣ የዋጋ ገደብ ባላቸው ትናንሽ ትዕዛዞች ከፋፍሎ መሸጥ ይቻላል። ካልተተካ ግን መከፋፈሉ ብዙም አይረዳም፤ ሁለተኛው ትዕዛዝ የሚያገኘው የወረደውን ዋጋ ነውና። እኔ በአንድ ቀን ከተለመደው ግብይት ከ10 በመቶ በላይ ላለመሸጥ ስለምጠነቀቅ፣ ግብይቱ ከላይ እንዳለው ምሳሌ ሆኖ ካገኙት 2,000ውን ለመሸጥ አራት ቀን እንደሚያስፈልግዎት አስበው ይግዙ፤ በአንድ ቀን መውጣት የግድ ከሆነብዎ ደግሞ ከ500 በላይ ባይገዙ ይሻላል።