ለደመወዝተኛ ቁጠባ ይበቃል፤ ቼክ ደብተሩ ይቅርብሽ

«ካዛንቺስ አዲስ ሥራ ጀምሬ ደመወዝ የሚገባበት ሂሳብ ክፈቺ ተባልኩ። ቁጠባ ይሻላል ወይስ ተንቀሳቃሽ? ልዩነቱ ምንድን ነው? እህታችሁን አስረዱኝ።»

እህቴ፣ ቁጠባ ክፈቺ። ለምን እንደሆነ በቁጥር ልዘርዝርልሽ።

1. ወለዱ። ቁጠባ ይወልዳል፣ ተንቀሳቃሽ በአብዛኛው አይወልድም። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው። 20,000 ብር ዓመቱን ሙሉ ሳትነኪ ብታስቀምጪ 1,400 ብር ያመጣል፣ ከእሱ ላይ ግብር ይቆረጣል። ደመወዝሽ ግን ገብቶ ወር ሳይሞላ የሚወጣ ከሆነ ብዙ አትጠብቂ። በወሩ ውስጥ በአማካይ 5,000 ብር ቢተኛልሽ የወር ወለዱ 29 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ስለ ወለድ ሲያወራ አትደነቂ፣ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። (ወለድ የማትፈልጊ ከሆነ ወለድ አልባ ቁጠባም አለ።)

2. ቼኩ። ዋናው ይሄ ነው። የኤቲኤም ካርድ፣ ሞባይል ባንኪንግ፣ ወደ ሌላ ባንክ መላክ፣ ሁሉም በቁጠባ ሂሳብ ይሠራል። ተንቀሳቃሽ የሚጨምርልሽ ቼክ ደብተር ነው፣ እሱም በክፍያ። በየቀኑ ለአቅራቢ የሚከፍል ነጋዴ ያስፈልገዋል። ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሂሳቡ ውስጥ ካለው በላይ ማውጣት፣ የሚፈቀድለትም በዚሁ ሂሳብ ነው። አንቺ ግን ቼክ ለማን ልትጽፊ ነው?

እኔን ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ምን እንዳሉኝ ልንገርሽ። ቁጠባ ለመክፈት ስሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ለቢሮ ሠራተኛ ተንቀሳቃሽ ነው የሚያምረው» አለችኝ። ማማሩ ምን ያደርግልኛል? ነገሩ ግልጽ ነው። ወለድ የማይከፈልበት ገንዘብ ለባንክ ርካሽ ገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ደንበኛውን ወደዚያ መግፋት ይወዳሉ። ቁጠባ ነው የምፈልገው ስላት ፊቷን አጥቁራ ፎርሙን ወረወረችልኝ። ወረፋውንም እንደገና ከኋላ ጀመርኩ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም፣ ቁጠባውን ከፈትኩ። ያ ሂሳብ እስከ ዛሬ አለ። በኋላ ሌላ ቁጠባ ጨመርኩበት። ሁለተኛውን እንዳልነካው ካርድ አላወጣሁለትም፣ ሞባይል ባንኪንግም ላይ አላስገባሁትም። የቤት ኪራይ ቅድሚያ ክፍያዬ የወጣው ከእሱ ነው።

3. ዕቁብ። ይሄን ማንም ስለማይነግርሽ ረዘም አደርገዋለሁ። ቢሮ ስትገቢ ዕቁብ ግቢ ማለታቸው አይቀርም። ዕጣው ቶሎ ሲወጣልሽ ደግሞ ዳኛው «ዋስትና ቼክ ስጪኝ» ይልሻል። ብዙ ደመወዝተኛ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ የሚከፍተው ለዚህ ብቻ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንደዚሁ አደረገ። ሂሳቡን ከፈተ፣ የ60,000 ብር ቼክ ቀኑን ባዶ ትቶ ፈርሞ ሰጠ። ሂሳቡ ውስጥ ለመክፈቻ ካስገባው በቀር ምንም የለም። ከዚያ ቢሮው ደመወዝ አዘገየ፣ እሱም ዕቁቡን አቋረጠ። ዳኛው ቀኑን ሞልቶ ቼኩን ባንክ ይዞ ሄደ። «በቂ ስንቅ የለውም» ተብሎ ተመታበት።

ልጁ «ለዋስትና እንጂ ለክፍያ አልሰጠሁትም» እያለ ተከራከረ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቼክ በሕግ እንደቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው። የወደፊት ቀን ብትጽፊበት እንኳ ከቀኑ በፊት ከቀረበ ባንኩ ይከፍላል። ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት ደግሞ ዕዳ ብቻ አይደለም፣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 ወንጀል ነው። ባልደረባዬ ፖሊስ ጣቢያ ከተጠራ በኋላ ከዘመድ ተበድሮ ከፈለ። ይኸው ዕቁብ በቁጠባ ሂሳብና በሰው ዋስ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ በሽማግሌ ባለቀ ነበር። ቼክ ደብተር ከሌለሽ ማንም «ፈርሚልኝ» ሊልሽ አይችልም። ዳኛው ቼክ ካልሆነ ካለ የሚፈርም ዋስ አቅርቢ፣ ወይም ዕጣሽ ወደ መጨረሻ እንዲሆን ጠይቂ።

ወደፊት ንግድ ፈቃድ አውጥተሽ ዕቃ ማስመጣት ከጀመርሽ ያኔ ተንቀሳቃሹን ትከፍቺያለሽ። ቁጠባውን መዝጋት አያስፈልግሽም፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ።

አሁን ስትሄጂ ፋይዳሽንና የመሥሪያ ቤትሽን ደብዳቤ ያዢ። መሥሪያ ቤትሽ ደመወዝ በየትኛው ባንክ እንደሚከፍል አስቀድመሽ ጠይቂ፣ ሌላ ባንክ ከፍተሽ እንዳትመላለሺ። ፎርሙ ላይ የሂሳብ ዓይነት የሚለውን ራስሽ ምልክት አድርጊበት፤ «እኛ እንሞላዋለን» ቢሉሽ ባዶውን እንዳትፈርሚ።